የኬዙ መብራት ይበራል፣ ኤርበዱ ግን አይሞላም፦ ጥያቄና መልስ

ስልክና ማዳመጫ እጠግናለሁ። ዛሬ ስለ ኤርበድ ቻርጅ ያላችሁን ጠይቁኝ።

«ኬዙን ስከፍት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ኤርበዶቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ውስጡ አድረው ጠዋት ባዶ ናቸው። ኬዙ ደህና ከሆነ ምን ሆኖ ነው?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ በብዙ ኬዞች ላይ ያ መብራት የሚናገረው ስለ ኬዙ የራሱ ባትሪ ነው። ኤርበዱ ጋ ኃይል መድረሱን አያረጋግጥልህም። ብልጭ የሚለውም ብዙ ጊዜ የኬዙ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኬዙን በገመድ ሁለት ሰዓት ያህል ሙላው።

ከዚያ የስልክህን ብሉቱዝ ክፈትና አንዱን ኤርበድ ብቻ አገናኝ። ቦታው ላይ አስቀምጠህ ከላይ በጣትህ ቀስ ብለህ ጫነው። ሲጫን ከስልኩ ከተቋረጠ፣ ስትለቀው ደግሞ ተመልሶ ከተገናኘ፣ ባትሪው አልሞተም። ኬዙ ውስጥ ያሉት ፒኖችና የኤርበዱ ብረት በደንብ አይነካኩም ማለት ነው።

«እኔ በሳኒታይዘር ጠረግኩት። ለሁለት ቀን ሠራ፣ ከዚያ ያው ሆነ። እሱም አልኮል አይደለም እንዴ?»

አልኮሉ ላይ ልክ ነሽ እህቴ። ግን የሚያሙለጨልጨው ሳኒታይዘር እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመሩበት ነገሮች አሉት። አልኮሉ ተኖ ሲሄድ እነሱ ብረቱ ላይ ይቀራሉ፣ አቧራም ይይዛሉ። ከፋርማሲ ውሃ የመሰለውን ንጹሕ አልኮል ግዢ። 70 ፐርሰንቱ ይሠራል፣ 90 ካገኘሽ ቶሎ ይደርቃል። የጆሮ ጥጥ በትንሹ አርጥቢ፤ መንጠባጠብ የለበትም። ኬዙን ከገመድ ነቅለሽ፣ ዘቅዝቀሽ ጥረጊው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ክፍቱን ይቆይ።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ልጅ ቀኙ አልሞላ ብሎት መጣ። በአጉሊ መነጽር ሳየው የኤርበዱ ብረት ላይ አረንጓዴ ነገር ነበር። ላብ ነው የበላው። በጥጡ አራት ጊዜ ከመለስኩበት በኋላ ለቀቀ፣ ግን አሁንም አልሞላም። በኋላ ኬዙ ውስጥ ያሉትን ፒኖች በጥርስ መፈልፈያ እንጨት አንድ በአንድ ጫንኩ። ፒኖቹ ከሥራቸው ስፕሪንግ አላቸው፣ ሲጫኑ ገብተው መመለስ አለባቸው። አንዷ ገብታ ቀርታለች! ጠብታ አልኮል ጨምሬ ደጋግሜ ስጫናት የደረቀው ላብ ለቀቃትና ብቅ አለች።

«ይሄ ሁሉ ለምን? እኔ በመርፌ ፍቄ ነው የማጸዳው፣ ይሠራል።»

አሁን ይሠራል። ግን ብረቱ ላይ ያለው ስስ ወርቃማ ቅብ ይላጣል። ከዚያ በኋላ ላቡ ሥሩን በቀላሉ ያገኘዋል፣ አረንጓዴውም ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። መርፌው ሁለት ፒን በአንዴ ከነካ ደግሞ ሾርት ታደርገዋለህ። እባክህ ተወው።

«የኔ ግራው ከስልኬ ጋር አይገናኝም፣ እንዴት ልጥረገው?»

የሚሞላ ከሆነ ይሄ የብሉቱዝ ጉዳይ ነው። ከስልክሽ ላይ አጥፊውና እንደ አዲስ አገናኚው።

«የኔ በሃያ ደቂቃ 100 ይላል። ስልክ ሳወራበት ግን ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።» (ከዱባይ)

ያንተ ንክኪ አይደለም፣ ባትሪው አርጅቷል። ቶሎ የሚሞላው መያዝ የሚችለው ስላነሰ ነው። የኤርበድ ባትሪ የአተር ፍሬ ታክላለች። ብዙ ጊዜ 500 ያህል ጊዜ ሞልታ ካለቀች በኋላ ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ሙቀትም ያፋጥነዋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው። በቢላ ልክፈተው እንዳትል፣ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ሊነሳ ይችላል። ባትሪውን መቀየር የሚቻልባቸው ስሪቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ግን በሙጫ የተዘጉ ናቸው።

«በመልቲሜትር የኬዙን ፒኖች ለካሁ፣ 0 ነው። ኬዙ ሞቷል ልበል?»

ገና አትበል። ብዙ ኬዞች ኤርበዱ መግባቱን ሳያውቁ ኃይል አይለቁም። ስለዚህ ባዶውን ሲለካ 0 ማሳየቱ ብቻውን አይፈርድበትም። ተመሳሳይ ስሪት ያለው ሰው ካገኘህ የሱ ኬዝ ውስጥ ሞክረው።

«ማንም የለውም።»

እንግዲያው ሳላየው ይሄ ነው ማለት አልችልም።

«የአዳማው ነኝ። ስጫነው ግራው ይቋረጣል፣ ስለቀው ይገናኛል። ብረቱ ግን ንጹሕ ነው። ባለፈው ሳምንት ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ በትልቁ ቀይሬ ነበር።»

ትልቁ ጎማ ኤርበዱ ፒኖቹ ላይ በደንብ እንዳይቀመጥ አግዶት ይሆናል። ጎማውን አውልቀህ ኤርበዱን አስገባው።

«ሞላ! ቀኙ ግን ጫንኩትም አልጫንኩትም ዝም።»

ቀኙን ከነኬዙ ገመድ ላይ ሰክተህ አሳድረው። እስከ መጨረሻው ያለቀ ባትሪ አንዳንዴ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ጠዋት ምን እንዳለ ንገረኝ።