ጥያቄና መልስ፦ የማይለወጥ የጋራ ወጪ ከአዲስ ፕሮጀክት ካሽ ፍሎው ለምን ይወጣል?

ስለ አዲስ ምርት አዋጭነት ስሌት ጥያቄ ያላችሁ አቅርቡ። ቁጥራችሁን አብራችሁ ብትልኩ መልሱም በቁጥር ይሆናል።

ከድሬዳዋ፣ የፋብሪካ ሂሳብ ሠራተኛ፦ መልካ ጀብዱ አካባቢ ብስኩት እናመርታለን፤ ሽያጫችን በዓመት 72 ሚሊዮን፣ የጋራ ወጪያችን 7.2 ሚሊዮን ብር ነው። አሁን የባቢሌ ለውዝ ገዝተን የለውዝ ቅቤ ልንሠራ ነው። ማሽኑ 6 ሚሊዮን፣ ዕድሜው 5 ዓመት። በዓመት 9 ሚሊዮን ይሸጣል፤ ለለውዝ፣ ለማሸጊያ፣ ለመብራት፣ ለአዲስ ሠራተኛና ለአፍላቶክሲን መርዝ ምርመራ 6.8 ሚሊዮን ይወጣል። ደንባችን ደግሞ የሽያጩን 10 በመቶ ለጋራ ወጪ ጨምሩ ይላል። 900 ሺውን ስጨምር ይከስራል፣ ስተወው ያተርፋል። የቱን ላቅርብ?

ያልጨመርክበትን አቅርብ። ምክንያቱን ለማየት ያ 900 ሺህ ብር ለማን እንደሚከፈል ፈልገው። የሥራ አስኪያጁ ደሞዝ፣ የጥበቃው፣ የሂሳብ ክፍሉና የግቢው ኪራይ ተደምረው ዛሬ 7.2 ሚሊዮን ናቸው። የለውዝ ቅቤው ሲጀመርም 7.2 ሚሊዮን ናቸው። ደንቡ ግን ሽያጩ 81 ሚሊዮን ሲሆን 8.1 ሚሊዮን ያከፋፍላል። ትርፍ የሆነው 900 ሺህ በወረቀት ላይ ተከፋፈለ እንጂ ከባንክ ሂሳባችሁ አይወጣም፣ ማንም አይቀበለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወረቀት አዘጋጅ። በአንዱ ላይ ፋብሪካው የለውዝ ቅቤ ሳይጀምር በየዓመቱ የሚያስገባውንና የሚያወጣውን፣ በሌላው ላይ ከጀመረ በኋላ ያለውን ሙሉ በሙሉ ጻፍ። ከዚያ ከሁለተኛው ላይ አንደኛውን ረድፍ በረድፍ ቀንስ። የሽያጩ ረድፍ 9 ሚሊዮን፣ የቀጥታ ወጪው 6.8 ሚሊዮን ልዩነት ያሳያል። የጋራ ወጪው ረድፍ ላይ ስትደርስ 7.2 ከ7.2 ሲቀነስ ዜሮ ነው። የፕሮጀክቱ ካሽ ፍሎው የልዩነቶቹ ድምር ስለሆነ በዓመት 2.2 ሚሊዮን ይሆናል።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ብር ወደ ዛሬ ዋጋ በሚመልሰው ዲስካውንት ሬት፣ 15 በመቶ እንበል፣ ኤክሴል ላይ እንዲህ ጻፈው፦

```
=PV(15%,5,-2200000)-6000000
```

ወደ 1.37 ሚሊዮን ብር ትርፍ ይሰጥሃል። 2200000 በነበረበት 1300000 ብትተካ፣ ማለትም 900 ሺውን ብትቀንስ፣ 1.64 ሚሊዮን ኪሳራ ይወጣል። አንድ የማከፋፈያ ደንብ ብቻውን ውሳኔውን ገለበጠው ማለት ነው። ፕሮጀክቱን ብትጥሉትም ያ 900 ሺህ አይተርፍላችሁም፤ ብስኩቱ 7.2 ሚሊዮኑን እንደ በፊቱ ብቻውን ይሸከማል።

ደንቡ ራሱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የተመረተውን ዕቃ በሂሳብ መዝገብ ላይ ስትተምን የፋብሪካው ቋሚ የማምረቻ ወጪ እንዲከፋፈል ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃም ያዛል። ለዚያ የተዘጋጀን ቁጥር ለኢንቨስትመንት ውሳኔ መጠቀም ነው ችግሩ።

ከድሬዳዋ፣ የማኔጅመንት ተማሪ፦ በአጭሩ ቋሚ ወጪ በሙሉ ይውጣ ማለት ነው አይደል? እኔ ሁሌ የማስገባው ተለዋዋጩን ብቻ ነው።

ግማሹን ይዘሃል። ወጪው ቋሚ መሆኑ አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው በፕሮጀክቱ ምክንያት አለመለወጡ ነው። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያበቅላል፣ አፍላቶክሲኑም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ደረቅና ነፋሻ መጋዘን ይፈልጋል። ይህን መጋዘን በወር 30 ሺህ ብር ከውጭ ብትከራዩ፣ አንድ ኩንታል ብታስገቡበትም መቶ ብታስገቡበትም ኪራዩ ያው ነው። ፍጹም ቋሚ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ያለ ለውዝ ቅቤው ስለማይኖር 360 ሺው በየዓመቱ ይገባል። ለአዲሱ መስመር ብቻ የሚቀጠር ተቆጣጣሪም እንደዚሁ።

ለእያንዳንዱ ወጪ ወረቀት ጠይቅ። ፕሮጀክቱ ቢጸድቅ የሚፈረም አዲስ ውል፣ የሚጨመር የደሞዝ መዝገብ ስም ወይም የሚመጣ አዲስ ደረሰኝ ካለ ይገባል። ማስረጃው «በመቶኛ ይደርሰዋል» የሚል የማከፋፈያ ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ ይወጣል።

ከሐረር፣ ባለ ሱቅ፦ እኔ ሦስት ሱቅና አንድ ዳቦ ቤት አለኝ። ሁሉም «እኔ አልከፍልም» ካለ የዋናውን ቢሮ ኪራይ ማን ሊከፍል ነው አቦ? እንዲህ እያሉ አይደል ሰው የሚከስረው?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው። የቢሮው ኪራይ የሚከፈለው አራቱም ሥራዎች የራሳቸውን ቀጥታ ወጪ ከሸፈኑ በኋላ ከሚተርፋቸው ድምር ነው። አምስተኛ ሥራ ከራሱ ወጪ በላይ በዓመት 100 ሺህ ካመጣ፣ ድርሻዬን አልከፈልኩም ብሎ ቢመዘገብም ለኪራዩ የሚውለውን ብር በ100 ሺህ አሳድጎታል። ይህን ሥራ «ድርሻው 150 ሺህ ነው፣ አይችልም» ብለህ ብትተወው ኪራዩ ባለበት ይቆያል፣ የሚከፍለው ብር ግን በ100 ሺህ ያንሳል።

ስጋትህ ቦታ አለው፤ የሚነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የአራቱን ትርፍ ደምረህ ከጠቅላላው የጋራ ወጪ ጋር አስተያየው። ድምሩ ካነሰ ሱቆቹን ይዞ መቀጠል ወይም ቢሮውን መቀነስ የሚለውን ትወስናለህ፤ ያኔ የጋራ ወጪው ሊለወጥ የሚችል ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ ይገባል። የዳቦ ዋጋ ስትተምንም እንዲሁ፣ ሁሉንም ምርት በቀጥታ ወጪው ላይ ትንሽ ብቻ ጨምረህ ብትሸጥ ኪራዩ ላይ መውደቅህ አይቀርም። አንድ አዲስ ሥራ ይጨመር አይጨመር ስትል ግን ልዩነቱን ብቻ ነው የምታየው።

ከድሬዳዋ፣ የከባድ መኪና ባለንብረት፦ እንግዲህ ኪራይ አይቆጠርም ካላችሁ ከዚራ ያለው የራሴ መጋዘን ነፃ ነው ማለት ነው። የመለዋወጫ ንግድ ልጀምርበት ነው።

ጋሼ፣ ያንተ ጉዳይ ይለያል። ለመጋዘኑ የምትከፍለው ኪራይ የለም፤ የምታጣው ኪራይ ግን ሊኖር ይችላል። ተከራይ በወር 40 ሺህ ሊሰጥህ ፈቃደኛ ከሆነ፣ መለዋወጫ ስታስገባበት በዓመት 480 ሺህ ይቀርብሃል፤ ይህ የንግዱ ወጪ ሆኖ ይገባል። ሁለቱን ወረቀቶች ብታዘጋጅ ራሱ ይወጣልሃል፦ ያለ ንግዱ ባለው ወረቀት ላይ 480 ሺህ ገቢ አለ፣ ከንግዱ ጋር ባለው ላይ የለም። ተከራይ የማይገኝለት፣ አንተም ለሌላ ነገር የማትፈልገው ባዶ ቤት ከሆነ ብቻ ዜሮ ነው። የቆጠርከው ዋጋ የግምት እንዳይሆን ግን በአካባቢው የተከራየ ተመሳሳይ መጋዘን ጠይቅ።

ከመልካ ጀብዱ፣ ያው የሂሳብ ሠራተኛ፦ አለቃዬ «የጋራ ወጪው ቢያንስ ግብር ይቀንሳል፣ 30 በመቶውን በገቢ በኩል አስገባው» አሉኝ።

እሱም ይወጣል። ድርጅታችሁ 7.2 ሚሊዮኑን ከግብር በፊት የሚቀንሰው ፕሮጀክቱ ኖረም አልኖረም ነው፤ ስለዚህ የግብር ቁጠባውም አልተለወጠም። ከ900 ሺው 270 ሺህ «ተቆጠበ» ብትል የሌለ ገቢ ፈጠርክ።

የፕሮጀክቱ የራሱ ግብር ግን ከላይ ባለው ስሌት ስላልነበረ ጨምረው። ለማቅለል ማሽኑን በ5 ዓመት እኩል ብናስረጅ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ነው። ከ2.2 ሚሊዮኑ ላይ ይህ ተቀንሶ 1 ሚሊዮን ግብር ይጣልበታል፤ 300 ሺህ ትከፍላላችሁ፣ 1.9 ሚሊዮን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ማሽኑ የሚያስገኘው የግብር ቅናሽ አዲስ ስለሆነ ይገባል። ውጤቱ ወደ 369 ሺህ ትርፍ ይወርዳል። በእውነተኛው ሰነድ ላይ የግብር ሕጉን የእርጅና መጠን ተጠቀም።

ከሐረር፣ የእህል ነጋዴ፦ ለውዝ እኮ በየወሩ እኩል አይገዛም። ከመኸር በኋላ ርካሽ ሳለ ካልተገዛ ዋጋው ይወጣል። በክምችት የሚታሰረው ብር የት አለ?

የለም፤ መኖር ነበረበት። እንዲህ ያለ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንኑ ነው፦ የማይለወጠው የጋራ ወጪ በጥንቃቄ ተከፋፍሎ ገብቶ፣ በትክክል የሚወጣው የክምችት ብር ይረሳል።

በአማካይ 1.2 ሚሊዮን ብር በለውዝ ታስሮ ይቆያል እንበል። መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ክምችቱ ሲያልቅ ይመለሳል። በ15 በመቶ የዚያ ተመላሽ የዛሬ ዋጋ 597 ሺህ ያህል ብቻ ስለሆነ 603 ሺህ ገደማ ይጎድላል። 369 ሺው ትርፍ ወደ 234 ሺህ ኪሳራ ተለወጠ። ፕሮጀክቱ ወደቀ፤ ግን በእውነተኛ ምክንያት ወደቀ፣ ምን ቢስተካከል እንደሚነሳም ታወቀ። የታሰረው ብር ከ730 ሺህ ገደማ በታች ከሆነ ያዋጣል። ስለዚህ አሁን መነጋገር ያለባችሁ ከባቢሌ አቅራቢዎች ጋር ነው፤ በየሁለት ወሩ ቢያስረክቡ ዋጋው ምን ያህል ይጨምራል? 900 ሺው ውስጥ ቢቀር ኖሮ ይህ ጥያቄ ጨርሶ አይነሳም ነበር።

ከድሬዳዋ፣ የኦዲት ባለሙያ፦ በመርሁ እስማማለሁ፤ ግን «አይለወጥም» የሚባለው አንድ ፕሮጀክት ብቻ ሲታይ ነው። ሦስተኛው ሲገባ ሂሳብ ክፍሉ አልቻልኩም ብሎ ሁለተኛ ሰው ይቀጠራል። ለዚህ ነው እኔ ከእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የምቆርጠው።

ያነሳኸው እውነት ነው። የጋራ ወጪ ለረጅም ጊዜ ባለበት ይቆይና በአንድ ቀን እንደ ደረጃ ይዘላል። ሦስቱ ፕሮጀክቶች በአንድ በጀት ዘመን ከቀረቡ አብሬ እገመግማቸዋለሁ፤ የአዲሱ ሠራተኛ ደሞዝ፣ 180 ሺህ በዓመት እንበል፣ ከሦስቱ ድምር ላይ ይወርዳል። ለየብቻ በተለያየ ዓመት ከመጡ ደግሞ ፕሮጀክቱ ቅጥሩን ምን ያህል እንዳፋጠነው እጠይቃለሁ። በ4ኛው ዓመት ሊቀጠር የነበረ ሰው በለውዝ ቅቤው ምክንያት በ2ኛው ከተቀጠረ፣ የ2ኛውና የ3ኛው ዓመት ደሞዝ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አይገባም።

የኦዲት ባለሙያው፦ ያንን ዓመት ማን ነው የሚያውቀው? ሥራ አስኪያጁ የወደደውን ፕሮጀክት ሲያቀርብ «ሂሳብ ክፍሉ ገና ሰፊ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ንጹህ መልስ የለኝም። ግምቱን ፕሮጀክቱን ያቀረበው ሰው ሳይሆን የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ በወር በሚያልፉት ሰነዶች ብዛት እንዲሰጥ አደርጋለሁ። ያንተ ትንሽ ቅናሽ በዚህ ዓይነት ቆጠራ ላይ ከቆመ እቀበለዋለሁ፤ በሽያጭ መቶኛ ከሆነ ግን ያው ወደ 900 ሺው ተመለስን።