ባንዲራዋ ብቻዋን አራት ቦታ ትይዛለች

«ደብረ ማርቆስ እህል እነግዳለሁ። ማስታወቂያ የምለጥፍበት ድረ ገጽ ለርእስ የሚፈቅደው 25 ካራክተር ነው። "የአዴት ነጭ ጤፍ ገብቷል 🇪🇹👨‍👩‍👧❤️" ብዬ ጻፍኩ። ከነክፍተቱ ስቆጥረው 19 ነው። እሱ ግን 30 ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ምኑን ነው የሚቆጥረው?»

ወንድሜ፣ አንተም አልተሳሳትክ፣ እሱም አልዋሸ። አንተ የቆጠርከው በዓይን የሚታየውን ነው፣ እሱ ደግሞ ጽሑፉ ኮምፒውተር ውስጥ የያዘውን ቦታ።

ብዙ ድረ ገጽ የሚቆጥረው UTF-16 በሚባለው አጻጻፍ ነው። እዚያ አንድ ቦታ 65,536 ዓይነት ምልክት መለየት ይችላል። መጀመሪያ ላይ ይህ ለዓለም ፊደል ሁሉ የሚበቃ መስሏቸው ነበር። የኛ ፊደል በ1999 (በፈረንጆቹ) ሲገባ ቦታ ስላልጠፋ ሀ እስከ ፐ፣ ቷም ጭምር፣ እያንዳንዱ አንድ ቦታ ብቻ ይዟል። አብዛኛው ኢሞጂ ግን ዘግይቶ መጣና ከዚያ ክልል ውጭ ተቀመጠ፤ ስለዚህ አንዱን ለመጻፍ ሁለት ቦታ ያስፈልጋል።

ያንተን እንቁጠረው። ፊደሉ 12፣ ክፍተቱ 4፣ ድምር 16። ባንዲራዋ አንድ ሥዕል አይደለችም፣ E እና T የሚሉ ሁለት ልዩ ምልክቶች ተጣብቀው ነው፤ ሁለት ሁለት ሲይዙ 4። (ዊንዶውስ ላይ በክሮም ብትከፍተው ባንዲራው ቀርቶ ET የሚል ፊደል ታያለህ፣ የሚያጋልጠው እሱ ነው።) ቤተሰቡ አባት፣ እናትና ልጅ ናቸው፣ 6፤ በመካከላቸው የማይታዩ ሁለት ማያያዣዎች አሉ፣ 8 ሆነ። ልቧ ከኢሞጂ በፊት የነበረች የድሮ ምልክት ስለሆነች ራሷ 1 ናት፣ ግን በቀይ እንድትታይ የማይታይ ምልክት ይከተላታል፣ 2። 16 እና 14፣ 30።

ኮምፒውተር ካለህ ብራውዘሩ ላይ F12 ተጫንና Console የሚለው ውስጥ ይህን ጻፍ፦

```
"👨‍👩‍👧".length
```

8 ይልሃል። በስልክ ከሆነ ባዶው ሳጥን ላይ ኢሞጂውን ብቻ ጻፍና ቆጣሪውን እይ። ቆጣሪ የሌለው ሳጥን ይብሳል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ ያኔ ቤተሰቡ ልጁን አጥቶ ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይለጠፋል። ደንበኛ ሲያየው ያስቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተያያዘውን ቤተሰብ አውጣና በዚህ ተካው፦ 👪። ይሄኛው ከመነሻው አንድ ሥዕል ስለሆነ 2 ብቻ ነው። 16፣ 4፣ 2፣ 2፣ በድምሩ 24። ገባልህ። የእጅ ወይም የሰው ኢሞጂ ላይ የቆዳ ቀለም ስትመርጥም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ 2 እንደሚጨምር አትርሳ።

ይህ ዘዴ ኤክስ ላይ አይሠራም። እዚያ ማንኛውም ኢሞጂ፣ ቤተሰብም ይሁን ባንዲራ፣ 2 ነው። ታዲያ የአማርኛውም ፊደል እያንዳንዱ 2 ተደርጎ ይቆጠራል፣ ክፍተት ግን 1። ያንተ ርእስ እዚያ 34 ነው፣ ቤተሰቡን ቀየርከው አልቀየርከው። 280 የሚሉት ለኛ ወደ 140 ፊደል ነው ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ የሚበላብህ ኢሞጂው ሳይሆን ፊደሉ ነው።