ስብሰባ ላይ ሲተቹኝ አሁን የማደርገው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ፣ ጅማ ነው የምሠራው። ስብሰባ ላይ ሥራዬን ሲተቹ ወዲያው ፊቴ ይግላል። ሳላስብ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ስጸጸት እከርማለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ጥፋቱን ያመንኩ ይመስላል። እንዲህ ሆናችሁ የተሻላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። ቡና የሚያከማች ድርጅት ውስጥ የናሙናና የጥራት መዝገብ እይዛለሁ። ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የተበላሸውን ቀን ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ ነው። የሰኞ ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መዝገቤን ገልጠው «መቶ ኩንታል ጀንፈል ገብቷል። አሁን ያለው 98 ኩንታል ከ30 ኪሎ ነው። 170 ኪሎው የት ገባ?» አሉ። አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ የሰማሁት «ሌባ ነሽ» የሚል ነው። አፌ ቀደመኝ። «እኔ የመጋዘን ቁልፍ የለኝም፣ ቁልፍ የያዘውን ይጠይቁት!» አልኩ። ቁልፍ የያዘው ልጅ ደግሞ ከጎኔ ነበር። ለሁለት ወር ሰላምታዬን አልመለሰልኝም፣ እውነቱን ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ፣ መልሱን አውቀው ነበር። ያ ጀንፈል ሲገባ እርጥበቱ 13 በመቶ ነበር። የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እንደገና አስጥተን 11.5 በመቶ አደረስነው። ከ10,000 ኪሎ ውስጥ 13 በመቶው ውሃ ከሆነ፣ ደረቁ 8,700 ኪሎ ነው። ሲደርቅ ይህ 8,700 ኪሎ የአዲሱ ክብደት 88.5 በመቶ ይሆናል። 8,700ን ለ0.885 ስታካፍይው 9,830 ገደማ ይመጣል። የጠፋው 170 ኪሎ ውሃ ነው፣ ፀሐይ ነው የወሰደው። ሁለቱም የእርጥበት ቁጥሮች እዚያው መዝገብ ላይ በራሴ እጅ ተጽፈዋል። በዚያ ሰዓት ግን አንዱም አልታየኝም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሰው ፊት ስንነቀፍ ሰውነታችን አደጋ የመጣ ያህል ይነሳል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሐሳባችንም ራስን ማዳን ላይ ብቻ ይጣበቃል። የእርጥበት ቁጥር ማስታወስ በዚያ ሰዓት ከባድ ነው።

ድርጅታችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ቡና ቀማሽ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ያን ቀን ከሰዓት ቅምሻ ክፍል ጠሩኝ። የተፈጨው ቡና ላይ ፍል ውሃ እየጨመሩ ነበር። ውሃው ከገባ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ ከላይ የተጋገረው በማንኪያ ተሰብሮ ይሸተታል። ለመቅመስ ደግሞ በረድ እስኪል ይጠበቃል። «አሁን ብቀምሰው የማውቀው መቃጠሌን ነው፣ ቡናውን አላውቀውም» አሉኝ። ሌላ ምክር አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለመድኩ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ የማስወጣቱን አስረዝማለሁ። በአፍንጫዬ እስከ አራት ቆጥሬ አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት ቆጥሬ አስወጣለሁ። አሥር ሰከንድ ነው፣ ማንም አያስተውለውም። ድምፅ ግን እንዳይኖረው አደራ። «ኡፍ» ካልሽ ንቀት ይመስላል።

ሁለተኛው መጻፍ ነው። «ዝም ካልኩ ያመንኩ ይመስላል» ላልሽውም መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንገት ደፍቶ ዝም ማለትና እየጻፉ ዝም ማለት አንድ አይደለም። «አንዴ ልጻፈው» በይና የተባለውን ቃል በቃል ጻፊ፣ አንቺ የተረጎምሽውን ሳይሆን። ያን ቀን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ላይ የሚኖረው «170 ኪሎው የት ገባ?» ነበር። «ሌባ» የሚል ቃል አይኖርም። ከሥሩ ደግሞ የተሰማኝን በአንድ ፊደል እጽፋለሁ፤ «ን» ንዴት ነው፣ «ኀ» ኀፍረት። ስሜትን በስሙ መጥራት ያበርደዋል፣ እኔ ላይ በደንብ ሠርቷል። ብዙ ጊዜ ንዴት የመሰለኝ ኀፍረት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሦስተኛው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውየውን የሚነካ ሳይሆን ሥራውን የሚመለከት። «የትኛው ጭነት ነው?» «የየትኛው ቀን?» የሚል። ጥያቄውን ቀድመሽ ቤትሽ ወስነሽ ያዥው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ያሳዩት ነገር አለ። «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን፣ «ዛሬ እረጋጋለሁ» ብሎ ከመፎከር ይልቅ ይሠራል። የእኔ ውሳኔ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፦ «ስሜ ሲጠራ፣ እስክሪብቶ አነሳለሁ።»

ከወራት በኋላ ተፈተንኩ። «የናሙና ውጤት ሁሌም ሁለት ቀን ይዘገያል፣ መኪና እያስቆማችሁብን ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ፊቴ ጋለ። ተነፈስኩ፣ ጻፍኩ፣ «ሁሌም» የምትለዋን ቃል አሰመርኩባት። እሷ ነበረች ያቃጠለችኝ። ከዚያ «የትኛው መኪና ነው የቆመው?» አልኩ። ሲታይ ከአምስት መኪና አንዱ ነው። እሱ ደግሞ በእኔ ጥፋት የዘገየ ነበር፣ ናሙናውን ዓርብ ተቀብዬ ሰኞ ነው የመዘገብኩት። «ይሄኛው የእኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ናሙና በገባበት ቀን እመዘግባለሁ» አልኩ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንድ ስህተት ግን እንዳትሠሪ። ቆም ማለት መዋጥ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ፊቴን አስተካክዬ ውስጤን ማፈን ነው የያዝኩት። ጄምስ ግሮስ የተባሉ ተመራማሪ ይህን አጥንተውታል። ስሜቱን ፊቱ ላይ የሚያፍን ሰው የውስጥ ስሜቱ አይቀንስም፣ ሰውነቱም ይበልጥ ይጨነቃል፣ የተባለውንም በደንብ አያስታውስም። ከስብሰባ ወጥተሽ ምን እንደተባለ ካልያዝሽው፣ ወይም ማታ ልጆችሽ ላይ ከጮኽሽ፣ እያፈንሽ ነው ማለት ነው።

አሥሩ ሰከንድ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ልብሽ ጆሮሽ ውስጥ የሚመታ ከሆነ አትከራከሪ። «መዝገቡን አይቼ ዛሬ ከሰዓት በ9 ሰዓት መልስ ይዤ እመጣለሁ» በይ። ሰዓቱን ጥሪ፣ በሰዓቱም ሂጂ። ሰዓት ካልጠራሽ ማምለጫ ይመስላል። እኔ እንዲህ ስሆን ከአጂፕ ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግሬ እሄዳለሁ። ተቀምጬ ነገሩን ካመላለስኩት ይብስብኛል።

ስለ ቡናም ልንገርሽ፣ ጅማ ሆነን ሳንጠቅሰው አይሆንም። ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዴ ሁለት ስኒ ጠጥቼ ነበር የምገባው። ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ትችቱ ሳይመጣ ግማሽ መንገድ ሄጄ እጠብቀው ነበር። አሁን ቁርስ በልቼ እገባለሁ፣ ቡናዬን ከስብሰባ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እጠጣለሁ። ልዩነቱን በሁለት ሳምንት አየሁት።

ይህ ሁሉ ግን ለሥራ ትችት ነው። «ይሄ ቁጥር ስህተት ነው» ትችት ነው። «አንቺ ድሮም ደደብ ነሽ» ስድብ ነው፣ ለእሱ እስክሪብቶ ማንሳት አይበቃም። ቀኑን፣ ቃሉንና ማን እንደነበረ ጽፈሽ ያዥና ለሰው ኃይል ክፍል አቅርቢ።

አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ መጨረሻ የተበላሸው ቀን ላይ ሰውየው ያለው ቃል በቃል ምን ነበር?