ድምሩ ሲገጥም አትቁሙ

ቁጥር ለምትወዱ ወጣቶች፣

ረጅም ዘመን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ፍጹም ቁጥሮች። በእናንተ ዕድሜ እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር። እናንተ እንድትደግሙት አልፈልግም።

ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን መልሰው የሚሰጡት ቁጥር ነው። 6ን ያለቀሪ የሚያካፍሉት፣ 6 ራሱ ሳይቆጠር፣ 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ሲደመሩ 6 ይመጣል። የ28 ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው። እነሱም ተደምረው 28 ይሆናሉ። አብዛኛው ቁጥር እንዲህ አይገጥምም። የ10 አካፋዮች ቢደመሩ 8 ላይ ይቀራሉ፤ የ12 ደግሞ 16 ደርሰው ያልፉታል።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ ተገርሞ ያልፋል። እናንተ ግን የ28ን አካፋዮች ከትንሹ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ደምሩልኝ። 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7 ሆኑ። ቀጥሎ የሚመጣው አካፋይ ስንት ነው? እሱም 7። 7 እና 7፣ 14። ቀጥሎስ? 14። 14 እና 14፣ 28። አያችሁት? ከ7 ጀምሮ በእጃችሁ ያለው ድምርና ቀጥሎ የሚመጣው አካፋይ እኩል ናቸው። ስለዚህ ድምሩ በየርምጃው እጥፍ እየሆነ ሄዶ 28 ላይ ያርፋል። 6 ላይም ያው ነው። 1 እና 2፣ 3። ቀጣዩ አካፋይ 3። 3 እና 3፣ 6።

ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው መጀመሪያ ላይ ነው፤ 1፣ 2 እና 4 ተደምረው ልክ 7 መሆናቸው ላይ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከ1 ተነስታችሁ እያጠፋችሁ የምትሄዱባቸውን ቁጥሮች ብትደምሩ፣ ድምሩ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው እጥፍ በ1 ያንሳል። ምክንያቱን ለማየት አንድ ትርፍ 1 ጨምሩበት። 1 እና 1፣ 2። 2 እና 2፣ 4። 4 እና 4፣ 8። ትርፏን 1 መልሳችሁ ስትቀንሱ 7 ይቀራል። 7 ከ8 በ1 ያነሰ፣ 8 ደግሞ 2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የተገኘ ነው። 3ም እንደዚሁ ከ4 በ1 ያንሳል።

ዩክሊድ ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ ደንብ አድርጎ አረጋግጦታል። በዛሬ አጻጻፍ 2^p − 1 ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ 2^(p−1) × (2^p − 1) ፍጹም ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ነው። p 2 ሲሆን 2 × 3 = 6፤ p 3 ሲሆን 4 × 7 = 28 ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ያ "ብቸኛ" የሚለው ቃል ለምን አስፈለገ? ከላይ ስንደምር 7 ብቸኛ መሆኑን የትም ቦታ አልተጠቀምንበትም። እጥፍ እያደረግን ሄድን፤ ገጠመ። እንግዲያው ብቸኛ ባልሆነ ቁጥር እንሞክረው። p 4 ይሁን። 2^4 − 1 = 15 ነው፤ 15 ደግሞ 3 × 5 ነው። ቁጥራችን 8 × 15 = 120 ይሆናል። እንደምር። 1፣ 2፣ 4 እና 8 ሲደመሩ 15። በ15 ላይ 15 ሲጨመር 30። በ30 ላይ 30፣ 60። በ60 ላይ 60፣ 120። ድምሩ እዚህም ገጠመ! ግን 120 ፍጹም ቁጥር አይደለም።

ምን ጎደለ? ከድምሩ የጎደለ የለም፤ ያልተቆጠሩ አካፋዮች ናቸው የቀሩት። 15 ስለተሰበረ 3 እና 5 ብቅ አሉ። ከእነሱ ጋር እጥፎቻቸው 6፣ 12፣ 24፣ እንዲሁም 10፣ 20፣ 40 መጡ። እነዚህ ስምንቱ ብቻቸውን ተደምረው ሌላ 120 ይሆናሉ። እውነተኛው ድምር 240 ነው ማለት ነው። ብቸኛ የመሆን ሥራው ይኸው ነው፤ ሳይቆጠር የሚቀር አካፋይ እንዳይኖር በሩን ይዘጋል። 28 ላይ 7 ስለማይሰበር ከ1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ውጪ የሚመጣ የለም። ይህን የተረዳሁት ደንቡን በቃሌ ከያዝኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የኔ ስህተትም ከዚሁ የመጣ ነበር። p ራሱ የሚሰበር ከሆነ 2^p − 1ም እንደሚሰበር ተምሬ ነበር፤ 4 ተሰብሮ 15ም እንደተሰበረው። ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ገለበጥኩትና p ብቸኛ ከሆነ 2^p − 1ም ብቸኛ ነው ብዬ አመንኩ። 2፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ሞከርኩት፤ 3፣ 7፣ 31 እና 127 ወጡ፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ከዚያ 11 ላይ ደረስኩ። 2^11 − 1 = 2047። በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13 አካፍዬ እምቢ ሲለኝ ተውኩት። 1024 × 2047 = 2,096,128 ብዬ አምስተኛው ፍጹም ቁጥር ይህ ነው ስል በኩራት ጻፍኩ። አንድ መምህሬ አይተውት ምንም አልተናገሩም። ከጎኑ 23 × 89 ብለው ጽፈው ደብተሩን መለሱልኝ።

መቼ ማቆም እንዳለብኝ ሳላውቅ ነው ያቆምኩት። ማቆሚያው የታወቀ ነው፤ የምታካፍሉበት ቁጥር በራሱ ሲባዛ የምትመረምሩትን ቁጥር እስኪያልፍ ድረስ ትሄዳላችሁ። 45 × 45 = 2025፣ 46 × 46 = 2116 ስለሆነ፣ ለ2047 እስከ 45 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነበረብኝ። 13 ላይ ቆምኩ፤ 23 ገና ከፊቴ ነበር። እውነተኛው አምስተኛ ፍጹም ቁጥር የሚመጣው p 13 ሲሆን ነው፤ 33,550,336።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር የደንቡን ሌላ ግማሽ ጨመረ፤ ማንኛውም ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ከዚህ መንገድ ውጪ እንደማይገኝ አረጋገጠ። ኢተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር ግን እስካሁን ማንም አላገኘም፤ እንደሌለም ማንም አላረጋገጠም።

አንድ ልተውላችሁ። p 7 ሲሆን 127 ይመጣል። 11 × 11 = 121፣ 13 × 13 = 169 ነው። ስለዚህ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ11 ማካፈል ይበቃል። 127 በ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ በ5 ሲካፈል 2፣ በ7 ሲካፈል 1፣ በ11 ሲካፈል 6። በሩ ተዘግቷል። ከ127 ተነስታችሁ ስድስት ጊዜ እጥፍ አድርጉ፤ 254፣ 508፣ 1016፣ 2032፣ 4064፣ 8128።