ሠርጉ ቀረ፤ ቀለበቱና ቀብዱስ? ጥያቄና መልስ ለጀርመን ነዋሪዎች

ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት አስተርጉሜአለሁና ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጠይቁኝ።

«ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በስልክ "ይቅር" አለኝ። አሁን ደግሞ ቀለበቱን መልሺ ይለኛል። የአዳራሽ ቀብድ 1,500፣ ቬሎ 900 ዩሮ ከፍያለሁ።»

ቀለበቱን መልሺለት። ያበግናል፣ አውቃለሁ። ግን የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1301 የእጮኝነት ስጦታን ሲያስመልስ በመሠረቱ «ጥፋቱ የማን ነው?» አይልም።

ወጪው ግን ሌላ ነው። በ1298 መሠረት ያለ ከባድ ምክንያት ያፈረሰው ወገን ይተካል። «ልቤ ቀዘቀዘ» ብቻውን አይበቃም። ከባድ ነገር ደብቀሽው ከሆነ ግን እሱም የሚለው ያገኛል። አዳራሹ ቀብዱን አልመልስም ካለ 1,500ውን ሙሉ ትጠይቂያለሽ። ቬሎውን በ400 ከሸጥሽው ቀሪውን 500 ብቻ። በድምሩ 2,000 ዩሮ። ደረሰኞቹን አያይዘሽ፣ የመክፈያ ቀን ቆርጠሽ በሪኮማንዴ ላኪለት። ጊዜው ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው።

«ኧረ ተይው እህቴ፣ ፊርማ የሌለበት እጮኝነት በጀርመን ሕግ ዋጋ የለውም።»

ግማሹ ልክ ነው፤ ማንም ተገድዶ አያገባም። ፊርማ ግን አያስፈልግም፣ ቀለበት እንኳ ግዴታ አይደለም። ለመጋባት መስማማታቸው ይበቃል። ማስረጃው የጥሪ ካርዱ፣ የተጻጻፉት መልእክት፣ ቤት የገቡት ሽማግሌዎች ናቸው።

«የልጅቷ እናት ነኝ። ለድግሱ ምግብ አብሳይዋን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለልጁም የወርቅ ሐብል ሰጥቼዋለሁ።»

እናቴ፣ የምግቡን ወጪ ወላጅም መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ግን ከአቅማችሁና ከሁኔታው ጋር የሚመጣጠነውን ያያል። ሠርጉ ገና ዓመት ሲቀረው የተገዛ በግ ትንሽ ያከራክራል። ሐብሉ ላይ 1301 አይረዳዎትም፤ እሱ ለእጮኛሞቹ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ ካለ ጠበቃ ይንገርዎት።

«እኛ ተጋብተን በስድስት ወራችን ተለያየን። ጥሎሹስ?»

ወንድሜ፣ ያንተ ፍቺ ነው። እዚህ አይገባም።

«ጠበቃ መያዝ ግድ ነው?»

ለደብዳቤው አይደለም። ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ከከሰስሽ ግን ግድ ነው። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ መጀመሪያ አምትስገሪሽት ወደሚባለው የአካባቢሽ ፍርድ ቤት ሄደሽ የምክር ድጋፍ ወረቀት አውጪ። ከዚያ ለጠበቃው ምክር ከ15 ዩሮ በላይ አትከፍይም።

«አገር ቤት ፍቺውን ያልጨረሰ ሚስት እንዳለችው ያወቅኩት ቀለበት ካሰርን በኋላ ነው።»

ይህ ከባዱ ነው። ያገባ ሰው እጮኛ መሆን ስለማይችል እጮኝነቱ ከመነሻው አይጸናም። ሳታውቂ የገባሽበት መሆኑ ግን ሊያድንሽ ይችላል የሚሉ አሉ። እኔ ሁለት ጠበቆችን ጠይቄ ሁለት መልስ ሰምቻለሁ። «ፈትቻለሁ» ያለበት መልእክት ካለሽ እንዳይጠፋብሽ።