የእናትሽን ፊት ኔጋቲቩ ላይ ፈልጊው

«እናትና አባቴ በ1978 ዓ.ም. ሲጋቡ የተነሱት ባለ ቀለም ፎቶ አለኝ። የእናቴ ቀሚስና ነጠላ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፊቷ ግን ጠቁሮ ዓይኗ እንኳን አይለይም። አያቴ በጥቁርና ነጭ የተነሳችው ከዚህ በጣም ይሻላል። ፎቶ አንሺው ነው ያበላሸው ወይስ ፊልሙ? ፎቶ ቤት ወስጄ ላሳድሰው?»

እህቴ፣ ፎቶውን ይዘሽ የትም እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ያ ፎቶ የታተመበትን የታጠበ ፊልም፣ ፈልጊ። እኔ ይህን ሳላደርግ 340 ዶላር ከስሬያለሁ። የሚገርመው ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ፊልም ማጠቢያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የከሰርኩት።

1. ፎቶ አንሺውን ቶሎ አትውቀሺ። ነጭ ጨርቅ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ቀላ ያለ የፈረንጅ ፊት ሲሶውን ያህል ይመልሳል። ጠቆር ያለ ፊት ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ነጭ ቬሎ የለበሰች ፈረንጅ ሙሽራ ፊቷና ልብሷ ብዙም ስለማይራራቁ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይገባሉ። ነጠላ የለበሰች ጠይም ሙሽራ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ባለ ቀለም ኔጋቲቭ ይህን ስፋት ብዙ ጊዜ ይችለዋል። የማይችለው የሚታተምበት ወረቀት ነው። እና ወረቀቱ ላይ ማን ይታይ፣ ማን ይጥፋ የሚለውን የሚወስነው ማተሚያ ማሽኑ ነበር።

2. ማሽኑ ደግሞ የተስተካከለው በአንዲት ሴት ፊት ነው። እኔ ራሴ በየቀኑ ጠዋት እሷን ነበር የማትመው። እስከ 1954 ድረስ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አሜሪካ ውስጥ የኮዳክን ባለ ቀለም ፊልም በአብዛኛው የሚያጥበው ኮዳክ ራሱ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥት በፀረ ሞኖፖል ክስ አስገደደውና ሥራው ለሌሎች ማጠቢያ ቤቶችም ተከፈተ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲወጣ ኮዳክ ናሙና ኔጋቲቭና ካርድ መላክ ጀመረ። ካርዱ ላይ ነጭ ቆዳ ያላት ሴት አለች፣ ደማቅ ልብስ ለብሳ። የመጀመሪያዋ ሞዴል ሸርሊ የምትባል የኮዳክ ሠራተኛ ስለነበረች፣ ከእሷ በኋላ የመጡትንም ሁሉ «ሸርሊ» ነው የምንላቸው። አንዳንዱ ካርድ ላይ «ኖርማል» የሚል ቃል ታትሞበታል። ሥራው ቀላል ነው። ናሙናውን ታትሚያለሽ፣ ከካርዱ ጋር ታስተያያለሽ፣ የሸርሊ ፊት እኩል እስኪመጣ ቁልፎቹን ታስተካክያለሽ። እሷ ከተስተካከለች ማሽኑ ተስተካክሏል ይባላል። ያኔ የእናቴን ቆዳ የሚያህል አንድም ነገር ካርዱ ላይ አልነበረም። ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ እስያዊት፣ አንዷ ነጭ ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ከዚያ ማሽኑ የራሱ ጠባይ አለው። የኔጋቲቩን ብርሃን በሙሉ ደምሮ አማካዩ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ያትማል። ፎቶው ግማሹ ነጠላና ነጭ መጋረጃ ከሆነ ማሽኑ «ይሄ በጣም ነጭ ነው» ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል። ነጠላው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ችግር የለውም። ፊት ግን ጭራሽ ይጠፋል። የእናትሽም በዚህ መንገድ የጠፋ ይመስለኛል። ሠራተኛው ዓይኑ እዚያ ላይ ካለ ቁልፍ ነክቶ ፊቱን ማፍካት ይችላል። እኔ የሐበሻ ሰርግ ሲመጣ ሁለት ሦስት ደረጃ አፈካ ነበር፤ አለቃዬ ግን ወረቀት አባከንክ ብሎ ይቆጣኛል። የፈረንጆቹ ፎቶ ሲደገም ግን አንድም ቀን አልተናገረኝም። ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አያትሽ የተሻለችውም ለዚህ ነው። ያንን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ሰው ነው ያተመው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ ወረቀቱ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ፊቷን በእጁ ጥላ ይከልልላታል፣ ወረቀቱ ብርሃን ሲያገኝ ስለሚጠቁር ያን ጊዜ ፊቷ ይፈካል። ማሽን እጅ የለውም።

ፊልሙ ራሱስ? እሱም ንጹሕ አይደለም። ሎርና ሮዝ የምትባል ካናዳዊት ምሁር የኮዳክን የቀድሞ ሰዎች አነጋግራለች። በ1960ዎቹ ጥቁር እናቶች የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ነጮቹ ልጆች ደምቀው የእነሱ ልጆች ዓይንና ጥርስ ብቻ እንደሆኑ ተናግረው ነበር። ፊልሙ ቡናማን ከቡናማ በደንብ እንዲለይ የተሠራው ግን ኋላ ላይ የቸኮሌት አስተዋዋቂዎችና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ሲያማርሩ ነው። ጥቁር ቸኮሌትና ነጣ ያለው ቸኮሌት፣ አንዱ እንጨት ከሌላው አልለይ አላቸው። እንግዲህ ፊልሙን ማሻሻል ይቻል ነበር ማለት ነው። ለእናቶቹ ሲሆን ነው ያልተቻለው።

3. ወደ ገንዘቤ ልምጣ። እህቴ ዋሽንግተን ስታገባ እናታችን ከጎኗ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ነው። የእናቴ ፊት አንድ ጥቁር ጥላ ሆኗል። አንድ ማደሻ ቤት ወሰድኩት። ተቀባይዋ ቀና ብላም ሳታየኝ «ፊልሙ ላይ ምንም የለም፣ የእናንተ ሰዎች ፎቶ ሁሌም እንዲህ ነው» አለችኝ። ኔጋቲቩን አልጠየቀችም። እኔም፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ ተናድጄ ይሁን ደንግጬ አልጠቀስኩትም። ከፈልኩ። ያመጡልኝ ፎቶ ላይ ፊቷ ነጥቶ አመድ መስሏል። ዓይኗን ከሌላ ቦታ ያመጡት ይመስላል። አንገቷ ላይ ያሉት ሦስት መስመር ንቅሳቶች ደግሞ የሉም፤ እንደ ቆሻሻ ቆጥረው አጥፍተዋቸዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ እህቴ ጓዳ ውስጥ፣ ፎቶው የመጣበት የወረቀት ኤንቨሎፕ የኋላ ኪስ ውስጥ ኔጋቲቩ ተገኘ። አንቺም መጀመሪያ እዚያ ፈልጊ። ብዙ ሰው ፎቶውን አልበም ውስጥ አስገብቶ ኤንቨሎፑን ይጥላል።

ስታገኚው ጠርዙን ብቻ ይዘሽ ወደ መስኮት አንሺው። ኔጋቲቭ ላይ ነጩና ጥቁሩ ስለሚገለባበጥ ነጠላው ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ፊቷ ደግሞ ወደ ብርቱካንማ የቀረበ ሆኖ ይታያል። አሁን ፊቷን በሁለት ፎቶዎች መሐል ካለው ባዶ ክፍተት ጋር አስተያዪው። ፊቷ ከክፍተቱ ትንሽ እንኳን ጠቆር ካለና የጉንጯ፣ የአፍንጫዋ መስመር ካለ፣ ፊቷ አለ። ልክ እንደ ክፍተቱ ጥርት ያለ ብርቱካንማ ከሆነ ግን ብርሃን አልደረሰውም። ያኔ ማንም አያመጣውም፤ አመጣለሁ የሚልሽ ከራሱ ፈጥሮ ሊስልልሽ ነው።

ካለ፣ ኔጋቲቩን ስካን አስደርጊ። ፎቶውን አይደለም። 3200 ዲፒአይ፣ 16 ቢት፣ TIFF በያቸው። አውቶማቲክ ማስተካከያውን እንዲያጠፉት ንገሪያቸው፤ አለዚያ ያው የድሮው ማሽን የሠራውን ነው የሚደግመው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ነጠላውን ሳትነኪ ፊቷን ብቻ ቀስ ብለሽ አፍኪ። ስታፈኪው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ከቀላቀለ ትንሽ ቀይና ቢጫ ጨምሪ። አብዝተሽ አታፍኪው፣ ጠይም ከነበረች ጠይም ትሁን።

የእናቴ በ18 ዶላር ነው የተሠራው። ንቅሳቶቹ ሦስቱም አሉ። መካከለኛው ላይ ከልጅነቷ የነበረች ትንሽ ጠባሳ ሁላ ታየች፣ እኔ ረስቻት ነበር።

ኔጋቲቩን ካገኘሽው መስኮት ላይ አስደግፈሽ በስልክ አንሺውና እዚህ ለጥፊው፣ ክፍተቱም ይግባ። ፊቷ ይኑር አይኑር አይቼ እነግርሻለሁ።