ብር ካልነካሁ ግብር የለብኝም?

«ስታዲየም አካባቢ ሱቅ አለኝ። ጓዳው ውስጥ ሁለት ማሽን አቁሜ ቢትኮይን ማይን አደርጋለሁ፤ ማሽኖቹ እያሰሉ አዲስ ቢትኮይን ያስገኙልኛል። ያገኘሁትን ዋጋው ከዶላር ጋር ወደተያያዘው ዲጂታል ገንዘብ፣ ወደ ዩኤስዲቲ፣ ቀይሬዋለሁ እንጂ ወደ ብር አላወጣሁትም። ብር ካልነካሁ ግብር የለብኝም አይደል?»

ወንድሜ፣ ነገሩ እንደሚያስቡት አይደለም። የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ገቢን ሲተረጉም በገንዘብም በዓይነትም የተገኘ ጥቅምን ይጨምራል። ስለዚህ ብር እጅዎ ገባ አልገባ ዋናው ጥያቄ አይደለም።

በምሳሌ ልንገርዎት። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ ናቸው። በወሩ ዋሌትዎ ውስጥ የገባው ቢትኮይን በገባበት ቀን 80,000 ብር ያወጣ ነበር እንበል። ያ የሥራዎ ገቢ ነው። ለመብራት 30,000 ከከፈሉ ትርፍዎ 50,000 ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ዋጋው ወደ 110,000 ከፍ ሲል ወደ ዩኤስዲቲ ቀየሩት። ቢትኮይኑን በዚያች ቀን አስተላልፈዋል፤ መለዋወጥም እንደ ሽያጭ ነው የሚታየው። ግን ግብር የሚታሰበው በ110,000ው ላይ አይደለም። 80,000ው አስቀድሞ ገቢ ተብሎ ስለተያዘ አሁን መነሻ ዋጋ ሆኖ ይቀነሳል፤ ጭማሪው 30,000 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳትና በአንድ ገንዘብ ሁለቴ ግብር ይጠየቃል።

መራራው ነገር ዋጋው ሲወድቅ ነው። 80,000 ብር ያወጣ የነበረው ቢትኮይን 50,000 ላይ ቢቀየር፣ የመጀመሪያው ገቢ አይሰረዝም። 30,000ው ኪሳራ ለብቻው ይታያል። ከማይኒንግ ትርፍዎ ላይ ይቀነስልዎ እንደሆነ የሚወስነው ጉዳዩ እንደ ንግድ ሥራ ወይስ እንደ ንብረት ሽያጭ መታየቱ ነው።

በእኔ እይታ ማሽን አቁሞ፣ መብራት እየከፈለ በቋሚነት የሚያመርት ሰው ነጋዴ ነው፤ የንግድ ሥራ ገቢ በሚታይበት ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ገዝቶ ያስቀመጠና የሸጠ ሰው ግን ያከራክራል። አዋጁ ሲወጣ በንብረት ማስተላለፍ ጥቅም ሥር በስም የጠራው የማይንቀሳቀስ ንብረትን፣ አክሲዮንንና ቦንድን ነው። ክሪፕቶ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ያም ሆኖ «ሌላ ገቢ» የሚል፣ በሌላ ቦታ ያልተጠራውን ገቢ የሚይዝ አንቀጽ አለ።

አንድ ነገር እንዳይምታታብዎ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ግብር መክፈል ለዚህ ፈቃድ አይሆንዎትም፤ ለማይኒንጉም ቢሆን የንግድ ፈቃድና የመብራት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት።

እስከዚያው ግን መረጃዎን ይሰብስቡ። የገባበት ቀን፣ መጠኑ፣ የዕለቱ ዋጋና የተቀየረበት ቀን ከሌሎች ጋር ተጣምረው ማይን ከሚያደርጉበት ፑልና ከመገበያያው ገጽ ላይ ይወርዳል፤ አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ ግን ማግኘቱ አበሳ ነው። የመብራት ደረሰኙ በአከራይዎ ስም ከሆነ ደግሞ ወጪ ነው ብሎ ማስያዝ ያስቸግራል። የኪራይ ውሉ ላይ «መብራት ተከራይ ይከፍላል» የሚል ቃል ካለ፣ ውሉንና የከፈሉበትን የባንክ ማስረጃ አብረው ያስቀምጡ።